አራቱም ልክ ሲመስሉ፦ የፒኤምፒ ጥያቄ ታሪኩ የት ላይ እንደቆመ ነው የሚጠይቀው

ጎንደር ላይ ለፕሮጀክት ማናጀሮች የሙያ ማረጋገጫ ፈተና፣ ለፒኤምፒ፣ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ ብታወሩ የሚያነሱት ችግር አንድ አይነት ነው። ፎርሙላው አይደለም የሚያስቸግራቸው፣ ቃላቶቹም አይደሉም፣ ጥያቄውን አንብበው ሁለቱን ምርጫ ወዲያው ይጥሏቸውና የቀሩት ሁለቱ ላይ ሲደርሱ ነው የሚቆሙት። ሁለቱም ልክ ይመስላሉ፣ ሁለቱንም ሥራ ላይ አድርገዋቸው ያውቃሉ። አንዱን ይመርጡና መልሱ ሌላኛው ሆኖ ይገኛል፣ ማብራሪያውን ሲያነቡት ደግሞ አይዋጥላቸውም። በዚህ የሚናደደው በተለይ ብዙ ዓመት ሳይት ላይ የኖረው ኢንጂነር ወይም ኤንጂኦ ውስጥ ፕሮጀክት ሲመራ የከረመው ሰው ነው፣ ምክንያቱም እሱ የመረጠው መልስ እዚህ አገር እውነትም የሚሠራ መልስ ነው።

ይሄ ጉዳይ በደንብ መነገር ያለበት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ጥያቄው ተንኮል አለበት" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል ወይም ደግሞ ሁለት ሺህ ጥያቄ ከቴሌግራም አውርዶ መሸምደድ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ አራቱም ምርጫዎች ጥሩ ፕሮጀክት ማናጀር በሥራው ላይ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች ናቸው። ጥያቄው የትኛው ጥሩ ነው አይደለም፣ ታሪኩ በቆመበት ሰዓት ተራው የየትኛው ነው የሚል ነው።

ፈተናውን ለማያውቅ ባጭሩ፣ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አሠራር 180 ጥያቄ በ230 ደቂቃ ነው የሚሠራው፣ ከነሱ 175ቱ ይታሰባሉ፣ 5ቱ ለሙከራ የገቡ ናቸው ግን የትኞቹ እንደሆኑ ለተፈታኙ አይነገርም። ግማሽ ያህሉ አስቀድሞ በወጣ ፕላን የሚመራ ፕሮጀክት ላይ ነው፣ ግማሹ በአጫጭር ዙር እየተሠራ በየጊዜው የሚከለሰው አጃይልና ሁለቱን የሚቀላቅለው ሃይብሪድ ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ፒኤምአይ ስንት ያመጣ እንደሚያልፍ አይናገርም። አብዛኛው ጥያቄ አጭር ታሪክ ነገር ነው፣ ሦስት አራት መስመር፣ ከዛ "ፕሮጀክት ማናጀሩ መጀመሪያ ምን ማድረግ አለበት" ወይም "ቀጥሎ ምን ያድርግ" ይልና አራት ምርጫ ይሰጣል።

እስቲ አንድ ታሪክ ይዘን እንሂድ። እኔ ያዘጋጀሁት ነው፣ ከፈተና የወጣ አይደለም፣ የፈተናን ጥያቄ ማውጣት ለተፈታኝ ክልክል ነው።

አዘዞ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አራት ክፍል ያለው ብሎክ እየተሠራ ነው እንበል። ፕላኑ ጸድቋል፣ ስኮፑም ማለትም የሥራው ወሰን፣ ጊዜውም በጀቱም ቤዝላይን ተደርጓል፣ ሥራው የሚለካው በነሱ ነው። ሥራው አምስተኛ ወሩ ላይ እያለ ርእሰ መምህሩ ሳይት ላይ መጥተው አምስተኛ ክፍል ለላይብረሪ እንዲጨመርላቸው ፕሮጀክት ማናጀሩን ይጠይቁታል። ፕሮጀክት ማናጀሩ መጀመሪያ ምን ማድረግ አለበት?

ሀ. ጥያቄውን ለውጥ ለሚያጸድቀው ለቼንጅ ኮንትሮል ቦርዱ ማቅረብ
ለ. ፍላጎቱን ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ መመዝገብና በጊዜ፣ በወጪና በሌላው ሥራ ላይ የሚያመጣውን ማጥናት
ሐ. ተጨማሪውን ክፍል ከኮንቲንጀንሲ ሪዘርቩ ወጪ አድርጎ ማሠራት
መ. ለስፖንሰሩ አሳውቆ ውሳኔ መጠየቅ

ይሄን ታሪክ ማራኪ አካባቢ ከሚያጠኑ ልጆች ጋር ስናነሳው አንድ ሳይት ኢንጂነርና አንዲት ኤንጂኦ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ተከራከሩበት። ኢንጂነሩ መ ነው አለ። "ርእሰ መምህሩ ቆመው እየጠየቁኝ እኔ ቁጭ ብዬ ጥናት ልሥራ እንዴ? ገንዘቡ የኔ አይደለ፣ ባለገንዘቡን ነው የምጠይቀው።" እሷ ደግሞ ሀ ነው ያለችው፣ ያለ ቦርዱ ውሳኔ ስኮፕ አይነካም ብላ። ከዛ እንዲህ አለችው፣ "ወንድሜ፣ ባለገንዘቡ ስንት ብር ይፈጃል ቢልህ ምን ትለዋለህ?" ዝም አለ። እሷም ትንሽ ቆይታ "ለካ ቦርዱም እኔን ይሄንኑ ነው የሚጠይቀኝ" አለች።

በቃ መልሱ እዚህ ጋ ነው ያለው። ቦርዱም ስፖንሰሩም ለመወሰን ቁጥር ያስፈልጋቸዋል፣ ያንን ቁጥር የሚያወጣው ፕሮጀክት ማናጀሩ ከቡድኑ ጋር ሆኖ ነው። ታሪኩ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ወጥቷል የሚል ነገር የለም፣ ርእሰ መምህሩ ጠየቁ ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ለ ነው። ሀ ስህተት አይደለም፣ ተራው አልደረሰም እንጂ።

ሐ የሚለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፣ ምክንያቱም ኮንቲንጀንሲ ሲባል "ለክፉ ቀን የተቀመጠ ብር" ይመስላል። ኮንቲንጀንሲ ሪዘርቭ ግን አስቀድመው ለታወቁ ሪስኮች የተያዘ ገንዘብ ነው፣ የወጪ ቤዝላይኑ ውስጥ ያለ ነው፣ ፕሮጀክት ማናጀሩም በሥልጣኑ ይጠቀምበታል። ያልታሰበ ነገር ሲመጣ የሚነካው ማኔጅመንት ሪዘርቩ ነው፣ እሱ ደግሞ ከቤዝላይኑ ውጪ ነው፣ ለመጠቀም የበላይ ፈቃድ ይፈልጋል። አዲስ ክፍል መጨመር ግን ሪስክ አይደለም፣ የስኮፕ ለውጥ ነው፣ ስለዚህ ከኮንቲንጀንሲው አይሠራም። እዚህ ሳይት ላይ "ትንሽ ነገር ናት፣ ከመጠባበቂያው እንሸፍናት" ማለት የተለመደ ስለሆነ ይሄ ምርጫ ልምድ ያለውን ሰው በደንብ ይስበዋል።

አሁን መ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ያለው ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። እኛ ጋ ፕሮጀክት ማናጀር የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ ስሙ ነው እንጂ ሥልጣኑ የለውም። ሹመቱ ኮኦርዲኔተር ይላል፣ ቼኩ ላይ የሚፈርመው ሌላ ነው፣ ሰው የሚመድበው ሌላ ነው፣ ስለዚህ ማንኛውም ነገር ሲመጣ ደብዳቤ ጽፎ ወደ በላይ መላክ ራስን የመጠበቂያ መንገድ ነው። ኮንትራክተሩም ቢሆን የቃል ትእዛዝ ይዞ ሠርቶ በኋላ ክፍያ ሲከለከል ያየ ስለሆነ የሥራ ለውጥ ትእዛዙ፣ ቫሪየሽኑ፣ በጽሑፍ ካልመጣለት አይነቃነቅም፣ ልክም ነው። የፈተናው ፕሮጀክት ማናጀር ግን ሌላ ሰው ነው። ቻርተር ተሰጥቶታል፣ ሥልጣን አለው፣ ፕላን አለው፣ ሪስክ ሬጅስተርም ቼንጅ ማኔጅመንት ፕላንም አለው፣ ታሪኩ ካልካደው በስተቀር ሁሉም እንዳለ ነው የሚቆጠረው። እንዲህ አይነቱ ሰው ችግሩን ይዞ ወደ ስፖንሰር የሚሮጥበት ምክንያት የለውም፣ መጀመሪያ የራሱን ሥራ ይጨርሳል። ስለዚህ ተፈታኙ "እኔ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ምን አደርጋለሁ" ብሎ ከመለሰ ብዙ ጊዜ መ ላይ ይወድቃል። ይሄ ማለት የኛ አሠራር መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ፈተናው የተሠራበት ሁኔታ ሌላ ነው ማለት ነው እንጂ፣ ያንን አውቆ መግባት ነው።

ሥልጣን አለው ስንል ግን ያለቦርድ ይወስናል ማለትም አይደለም። አንዳንዱ ልጅ ይሄን ሲሰማ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄድና "እንግዲህ ፕሮጀክት ማናጀሩ ባለሥልጣን ነው" ብሎ ርእሰ መምህሩን አይቻልም ብሎ የሚመልሰውን ምርጫ ይወስዳል። ሰው የጠየቀውን ሳያጠኑ መከልከልና ሳያጠኑ መፍቀድ ፈተናው ላይ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ይጣላሉ።

አሁን ያንኑ ታሪክ እንያዝና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንጨምርበት። "ፕሮጀክት ማናጀሩ ጥያቄውን መዝግቦ ከቡድኑ ጋር አጥንቶ ስድስት ሳምንትና 1.8 ሚሊዮን ብር እንደሚጨምር አወቀ። ቀጥሎ ምን ያድርግ?" ምርጫዎቹ እነዛው ናቸው። አሁን ለ ሞቷል፣ ተሠርቶ አልቋል። መልሱ ሀ ነው፣ ጥናቱን ከነአማራጮቹ ይዞ ለቦርዱ ማቅረብ። ያቺ ከላይ ሀ ያለችው ልጅ እዚህ ጋ ልክ ናት።

አንድ እርምጃ ደግሞ እንሂድ፣ "ቦርዱ አጸደቀው" ይበል ታሪኩ። ምርጫዎቹ ውስጥ "ኮንትራክተሩ ሥራ እንዲጀምር ማዘዝ" የሚልና "ፕላኑንና ቤዝላይኖቹን አስተካክሎ ለሚመለከታቸው ማሳወቅ" የሚል ቢኖር ብዙ ኢንጂነር የመጀመሪያውን ይወስዳል፣ ምክንያቱም ጸድቋል፣ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት መሠረቱ መውጣት አለበት። ግን ኮንትራክተሩ የሚሠራው በየትኛው ስኬጁል፣ በየትኛው መጠን ነው? ፕላኑ ሳይስተካከል ሥራው ቢጀመር ከሁለት ወር በኋላ ፕሮጀክቱ ዘግይቷል፣ በጀት አልፏል የሚል ሪፖርት ይወጣል፣ የሚለካው በድሮው ቤዝላይን ነዋ። ስለዚህ ፕላኑ ይቀድማል። ቦርዱ ውድቅ ቢያደርገው ደግሞ ቼንጅ ሎጉ ላይ ተመዝግቦ ለርእሰ መምህሩ ከነምክንያቱ ይነገራቸዋል።

ከሁሉም የሚከብደው አይነት ግን ታሪኩ መሀል ላይ ሲበላሽ ነው። "ፕሮጀክት ማናጀሩ ሳይት ሲደርስ ፎርማኑ በርእሰ መምህሩ የቃል ትእዛዝ የአምስተኛውን ክፍል መሠረት ቆፍሮ አገኘው።" አሁን ምርጫዎቹ ስሜት የሚነኩ ይሆናሉ፣ የተቆፈረውን አስደፍኖ ለኮንትራክተሩ ማስጠንቀቂያ መጻፍ፣ ደንበኛው ደስ ካለው እንዲቀጥል መተው፣ ለስፖንሰሩ ሪፖርት ማድረግ፣ ወይም ምን እንደተሠራና ለምን እንደተሠራ አረጋግጦ ያመጣውን ጉዳት ማጥናት። ሰው ሲናደድ ማስጠንቀቂያውን ይመርጣል፣ ሰው ሲፈራ ሪፖርቱን ይመርጣል። ታሪኩ ግን ያው ሳይጠና የመጣ ለውጥ ነው፣ ልዩነቱ ሥራው ቀድሞ መጀመሩ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ያልታወቀውን ማወቅ አሁንም ይቀድማል። ከዛ በኋላ ለውጡ በሥርዓቱ ለቦርዱ ይቀርባል፣ ፎርማኑ ከማን ትእዛዝ መቀበል እንዳለበትም ይነገረዋል፣ ያ ነገር ድጋሚ እንዳይመጣ። ማስጠንቀቂያው ኋላ ላይ ሊያስፈልግ ይችል ይሆናል፣ መጀመሪያ ግን አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጥያቄው "መጀመሪያ" ሳይሆን "ከሁሉ የሚሻለው የቱ ነው" ብሎ ከጨረሰ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ የሚፈለገው የመጀመሪያው ትንሽ እርምጃ ሳይሆን ችግሩን ሙሉ በሙሉ የሚፈታው ነው፣ "በቼንጅ ማኔጅመንት ፕላኑ መሠረት ማስተናገድ" የሚል ምርጫ ካለ ጥናቱንም ቦርዱንም ስለሚይዝ እሱ ያሸንፋል። ብዙ ሰው ታሪኩን ሁለቴ አንብቦ የመጨረሻዋን መስመር ግን በዓይኑ ያልፋታል፣ እኔ ከሆንኩ የሚያጠና ሰው የመጨረሻዋን መስመር መጀመሪያ እንዲያነብ ነው የምመክረው።

እስካሁን ያወራነው ፕላን ተሠርቶ ቤዝላይን ስለተደረገ ፕሮጀክት ነው። ግማሹ ፈተና አጃይልና ሃይብሪድ ነው ብለናል፣ አጃይሉ ጋ ስትሄዱ ያ ሁሉ የቦርድ ነገር ይጠፋል። አንድ የሶፍትዌር ቡድን ለሆስፒታል የታካሚ ቀጠሮ መያዣ ሲስተም እየሠራ ነው እንበል፣ ስፕሪንት የሚባለው የሁለት ሳምንት የሥራ ዙር ሦስተኛ ቀን ላይ ናቸው። የአንድ ክፍል ኃላፊ የሆኑት ዶክተር አንዱን ዴቨሎፐር ጠርተው "ልጄ፣ ቀጠሮው በኤስኤምኤስም እንዲደርስ አርግልኝ" ይሉታል። ዴቨሎፐሩ እሺ ብሎ መሥራት ጀመረ። ፕሮጀክት ማናጀሩ ምን ያድርግ?

ለቦርድ ቼንጅ ሪኩዌስት ማቅረብ የሚለው አዘዞ ላይ ልክ ነበር፣ እዚህ ግን ይጣላል፣ ምክንያቱም አጃይል ላይ የምርቱ ስኮፕ ባክሎጉ፣ ማለትም የሚሠሩት ነገሮች ዝርዝር ነው፣ ባክሎጉ ደግሞ እንዲለወጥ ተብሎ ነው የተሠራው። ዴቨሎፐሩን ጨርሰው ማለትም አይሆንም፣ ቡድኑ ለስፕሪንቱ የተስማማበት ግብ አለ። ዶክተሩን አይቻልም ማለትም አይሆንም፣ ሐሳባቸው ጥሩ ሊሆን ይችላል። መልሱ ዶክተሩን ከፕሮዳክት ኦውነሩ ጋር ማገናኘት ነው፣ እሱ ባክሎግ ውስጥ ያስገባውና ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሮ ደረጃውን ይሰጠዋል፣ ምናልባት በሚቀጥለው ስፕሪንት ይሠራል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት የሰው ጥያቄ ሁለቱም ጋ አንድ አይነት ነው፣ መልሱን የለወጠው ታሪኩ ውስጥ ያለችው "ስፕሪንት" የምትል አንዲት ቃል ናት። ሃይብሪድ ሲሆን ደግሞ የትኛው ክፍል በየትኛው መንገድ እንደሚሠራ ታሪኩ ይናገራል፣ ለውጡ የሚነካው የትኛውን ክፍል እንደሆነ አይቶ መሄድ ነው።

በዚሁ መንገድ የሚያሳስት ሌላም አለ፣ ባጭሩ ልለፈው። ታሪኩ "ሲሚንቶው ሊዘገይ ይችላል ተባለ" ካለ ያ ሪስክ ነው፣ ሬጅስተሩ ላይ ተመዝግቦ ይተነተናል፣ ምላሽ ይዘጋጅለታል። "ሲሚንቶው አልመጣም" ካለ ግን ሪስክ መሆኑ ቀርቷል፣ ኢሹ ነው፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ምላሽ ካለ እሱ ይተገበራል፣ ከሌለ ኢሹ ሎግ ላይ ገብቶ መፍትሔ ይፈለግለታል። የተከሰተ ነገር ላይ "ሪስኩን መተንተን" የሚል ምርጫ ሲመጣ ቆንጆ ይመስላል፣ ግን ሰዓቱ አልፎበታል።

የልምምድ ጥያቄዎችን በተመለከተ፣ ከየቦታው የሚገለበጡት ላይ በጣም እጠራጠራለሁ። አንድ ጥያቄ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ማብራሪያው ትክክለኛውን ከማወደስ አልፎ ሌሎቹ ሦስቱ ለምን እዚህ ሰዓት ላይ እንደማይሆኑ ከታሪኩ ቃል ጠቅሶ ሲናገር ነው። ማብራሪያው ታሪኩ ላይ የሌለ ነገር አምጥቶ "ፕሮጀክት ማናጀሩ አስቀድሞ አጥንቶ ስለነበረ" ካላችሁ ጥያቄው ነው የተበላሸው፣ እናንተ አይደላችሁም፣ ዝለሉት። ፒኤምአይ ራሱ የሚሸጠው ስተዲ ሆል ላይ እንኳን ኤክስፐርት የሚል ደረጃ የተሰጣቸው ጥያቄዎች ልምድ ያላቸውን አሠልጣኞች ሳይቀር ያከራክራሉ፣ እነሱ ላይ ውጤት ቢወርድ መደንገጥ አያስፈልግም።

ሰዓቱንም አስቡት፣ 230 ደቂቃ ለ180 ሲካፈል ለአንድ ጥያቄ ደቂቃ ከሩብ ገደማ ነው። ፈተናው በስልሳ ስልሳ ጥያቄ የተከፈለ ነው፣ ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ስልሳ በኋላ አሥር አሥር ደቂቃ እረፍት አለ፣ አንዱን ስልሳ ጨርሳችሁ ካለፋችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ መንካት አትችሉም። ሁለት ምርጫ መሀል አምስት ደቂቃ መቆም ማለት ከዛው ክፍል ሦስት ጥያቄ መብላት ነው።

ስለዚህ ልምምዱ ላይ ብዛት ከመጨመር ይልቅ አንድ ጥያቄ ላይ የሚሠራ ሥራ አለ፣ እሱን ነው እኔ የምወደው። የሳታችሁትን ጥያቄ ውሰዱና ለእያንዳንዱ ለተጣለ ምርጫ እሱ ልክ የሚሆንበትን ታሪክ ራሳችሁ ጻፉለት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ወይም መለወጥ ብቻ ይበቃል። ለሀ ጽፈንለታል፣ ጥናቱ ሲያልቅ። ለሐ እንዲህ ይሆናል፦ ግንባታው ሲታቀድ ከመሠረቱ ሥር ጥቁር አፈር ሊገኝ ይችላል ተብሎ ሪስክ ሬጅስተሩ ላይ ገብቶ ነበር፣ ለዛ ተጨማሪ ቁፋሮና ሙሌት ኮንቲንጀንሲ ተይዟል፣ ሲቆፈር ጥቁር አፈሩ ተገኘ፣ አሁን ከኮንቲንጀንሲው ማሠራት ልክ ነው። ለመ ደግሞ፦ ርእሰ መምህሩ ጠየቁ፣ ተጠና፣ 1.8 ሚሊዮን ብር ወጣ፣ ቼንጅ ማኔጅመንት ፕላኑ ግን ቦርዱ ማጽደቅ የሚችለው እስከ 1 ሚሊዮን ብር ነው፣ ከዛ በላይ ስፖንሰሩ ይወስናል ይላል። እዚህ ጋ ያ ኢንጂነር የመረጠው መልስ ልክ ይሆናል፣ ስፖንሰሩ ስንት ብር ነው ቢለውም ቁጥሩ እጁ ላይ አለ።